አንድ ወጥ፣ ብዙ እጅ፦ ለወጥ ቤታችሁ የትኛው የሬሲፒ ካርድ ይሻላል?

አንድ ምግብ ቤት ሁለተኛ ወጥ ሠሪ የቀጠረ ዕለት አዲስ ጣጣ ይመጣል። የጠዋቱ ፈረቃ ምስር ወጥ ቀጠን፣ ለስለስ ያለ ነው። የማታው ወፍራም ነው፣ ጨውም ጠንከር ይልበታል። ሁለቱም ለየብቻ ቢቀርቡ የሚነቀፉ አይደሉም። ደንበኛው ግን የለመደው አንዱን ነው። ሌላው ሲመጣለት «ዛሬ ደግሞ ምን ነካቸው?» ይላል። ባለቤቱ በበኩሉ ሌላ ነገር ያያል። ያው ሁለት ኪሎ ምስር አንድ ቀን ስድሳ ሰው ያበላል፣ ሌላ ቀን ሃምሳ ላይ ድስቱ ባዶ ይሆናል።

መፍትሔው ሬሲፒ ካርድ ነው ይባላል። ይሁን፣ ግን የትኛው ዓይነት? በኩባያና በማንኪያ የተጻፈ አለ። በግራም የተጻፈ አለ። በመቶኛ የተሠራ አለ። ቁሌቱን ነጥሎ ሥራውን ለሁለት የሚከፍልም አለ። ስማቸው አንድ ነው፣ ውጤታቸው ግን ለየቅል ነው። ሁሉንም በአንድ ወጥ፣ በጾም ምስር ወጥ፣ እያስተያየሁ እሄዳለሁ። ምስር ወጥን የመረጥኩት ሽንኩርት ማቁላላት፣ በርበሬ፣ ውሃና መወፈር፣ ማለትም ሰው ከሰው የሚለያይባቸው ነገሮች ሁሉ ስላሉበት ነው።

## ካርዱን በምን እንመዝነው?

የአሜሪካ የግብርና ሚኒስቴር ለትምህርት ቤት ምገባ የሚጠቀምበት አንድ ጥሩ ሐሳብ አለ። አንድ ሬሲፒ ደረጃውን የጠበቀ የሚሆነው በዚያው ወጥ ቤት ውስጥ ተደጋግሞ ተሞክሮ፣ በዚያው አሠራር፣ በዚያው ዕቃና በዚያው ዓይነት ግብዓት ሁልጊዜ ያንኑ ጥራትና ያንኑ መጠን ሲሰጥ ነው። «በዚያው ወጥ ቤት» የሚለው ላይ ቆም በሉ። ከሌላ ቤት የተቀዳ ወይም ከስልክ የወረደ ሬሲፒ፣ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን፣ ለእናንተ ገና መነሻ ነው።

ከዚህ ተነስቼ አራት ጥያቄዎችን እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ካርዱን ይዘው ቢሠሩ ውፍረቱ፣ ጨውና ማቃጠሉ አንድ ይሆናል? ሁለተኛ፣ ከድስቱ ስንት ሰሃን እንደሚወጣ በእርግጠኝነት ይናገራል? ሦስተኛ፣ እጅ ርጥብ ሆኖ፣ ትእዛዝ ተደራርቦ፣ ምድጃ ዳር ቆሞ ይነበባል? አራተኛ፣ ለ60 ሰው የተጻፈው ለ90 ወይም ለ35 ሲሆን ሳይበላሽ ይቀየራል?

ወጪውን እዚህ ያላስገባሁት ካርዱ ራሱ ርካሽ ስለሆነ ነው። ገንዘብና ጊዜ የሚፈጀው ሚዛኑና ሰው ማለማመዱ ነው፣ መጨረሻ ላይ እመጣበታለሁ።

ለማስተያየት የምጠቀምበት ካርድ ይህ ነው።

የጾም ምስር ወጥ፣ አንድ ድስት
- የምስር ክክ፦ 2 ኪሎ
- ቀይ ሽንኩርት፣ የተላጠና የደቀቀ፦ 2 ኪሎ
- ዘይት፦ 500 ግራም
- በርበሬ፣ ጨው ያልገባበት፦ 250 ግራም
- ነጭ ሽንኩርት፣ የተፈጨ፦ 100 ግራም
- ዝንጅብል፣ የተፈጨ፦ 50 ግራም
- ጨው፦ 75 ግራም
- መከለሻ፦ 10 ግራም
- ውሃ፦ 5.5 ሊትር
- ሲያልቅ የሚመዝነው፦ 8.4 ኪሎ
- አንድ ፖርሽን፦ 140 ግራም፣ በጠቅላላ 60 ፖርሽን

ሽንኩርቱ «የተላጠ» መባሉን ልብ በሉ። ሁለት ኪሎ የተላጠ ለማግኘት ከገበያ 2.25 ኪሎ ገደማ መግዛት ያስፈልጋል። ካርዱ ይህን ካልለየ አንዷ ከነልጣጩ፣ ሌላዋ ልጣ ትመዝናለች። ከመጀመሪያው ደቂቃ ተለያዩ ማለት ነው። በርበሬውም እንደዚሁ ነው። አንዳንዱ በርበሬ ሲዘጋጅ ጨው ይገባበታል፣ አንዳንዱ አይገባበትም። ካርዱ ላይ ካልተጻፈ የጨው መስመሩ ትርጉም የለውም።

## አንደኛው፦ በኩባያና በማንኪያ የተጻፈ ካርድ

ብዙ ቤት የሚጀምረው በዚህ ነው። «ሁለት ኩባያ በርበሬ፣ አሥር ራስ ሽንኩርት፣ አራት የሾርባ ማንኪያ ጨው።» ማንበቡ ቀላል ነው። ወጪ የለውም። ወጥ ሠሪዎቹም አይከፉበትም፣ ምክንያቱም ቤታቸው የሚያስቡት እንደዚህ ነው።

ችግሩ መስፈሪያው አለመታወቁ ነው። በርበሬ ነካ ነካ ተደርጎ ሲሰፈርና ላላ ብሎ ሲፈስ ያው ኩባያ የሚይዘው መጠን ይለያያል። አዲስ የተፈጨው ደግሞ ከከረመው የበለጠ ይነፋል። አንድ የሾርባ ማንኪያ የደቀቀ ጨው 18 ግራም ገደማ ነው። ጨው ሻጩ ተቀይሮ ሻካራ ጨው ከመጣ፣ በያው ማንኪያ የሚገባው ጨው በጣም ያንሳል። «አሥር ራስ ሽንኩርት» የሚለውን ደግሞ ተዉት። አሜሪካ ያለው ትልቁ ሽንኩርት አንድ ራሱ ከትንሹ የሀበሻ ሽንኩርት ብዙ እጥፍ ነው።

ስለዚህ በመጀመሪያው ጥያቄ ይወድቃል። በሁለተኛውም ይወድቃል፣ ምክንያቱም እንዲህ ያሉ ካርዶች መጨረሻ ላይ ስንት እንደሚወጣ ብዙውን ጊዜ አይናገሩም። «ለ60 ሰው» ተብሎ ቢጻፍም የትኛው ጭልፋ እንደሆነ አይታወቅም።

ሆኖም ካርዱን ሙሉ በሙሉ አልጥለውም። ውሃና ዘይት በመስፈሪያ ቢለኩ ምንም አይሉም። ምስሩም በአንድ በታወቀ ቆርቆሮ፣ አፉ በቢላ እየተላገ ቢሰፈር፣ ልዩነቱ የሚናቅ ነው። የሚያጣላው በርበሬ፣ ጨውና መከለሻ ነው። ለዚህ ደግሞ ቀላል ዘዴ አለ። በሳምንት አንድ ቀን አንድ ሰው ሚዛን ይዞ ይቀመጥ። 250 ግራም በርበሬ በአንድ ከረጢት፣ 75 ግራም ጨው በሌላ ትንሽ ከረጢት እያደረገ ይቋጥር። ካርዱ ላይ «አንድ ከረጢት በርበሬ፣ አንድ ከረጢት ጨው» ብቻ ይጻፋል። ወጥ ሠሪዋ ሚዛን ሳትነካ ግራሟ ትክክል ሆነ። ሚዛን ለሁሉም ፈረቃ መግዛት ለማይችል ወይም ንባብ ለሚያስቸግራቸው ሠራተኞች ከዚህ የተሻለ ነገር አላየሁም።

## ሁለተኛው፦ በግራም የተጻፈ ካርድ

ከላይ ያሰፈርኩት ካርድ የዚህ ዓይነት ነው። ጥንካሬው ግልጽ ነው፣ 250 ግራም የማንም እጅ ቢመዝነው 250 ግራም ነው። ነገር ግን በግራም መጻፉ ብቻ ወጡን አንድ አያደርገውም። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል።

መጀመሪያ ቁጥሮቹ ከየት ይምጡ? ጎበዟን ወጥ ሠሪ «እትዬ፣ በርበሬ ስንት ታደርጊያለሽ?» ብሎ መጠየቅ አያዋጣም። «እንደ ምስሩ ነዋ!» ትላለች፣ ልክም ናት። እሷን አትጠይቁ፣ ዕቃውን መዝኑ። ሥራ ከመጀመሯ በፊት የበርበሬውን ዕቃ ከነበርበሬው መዝኑ። ስትጨርስ እንደገና መዝኑ። ልዩነቱ የተጠቀመችው ነው። ጨውን፣ ዘይቱን፣ ነጭ ሽንኩርቱን እንደዚሁ። ውሃውን በሊትር በታወቀ ጆግ ብቻ እንድትጨምር አድርጉና ቁጠሩ። በተለያየ ቀን ሦስት ጊዜ ይህን ካደረጋችሁ አማካዩን ያዙ። ከሦስቱ አንዱ በጣም ከራቀ የዚያን ቀን ምን እንደተለየ ጠይቁ። ምናልባት በርበሬው ተቀይሯል፣ ምናልባት ሽንኩርቱ ውሃ የበዛበት ነበር።

ቀጥሎ ያለው ዋናው ጉዳይ ነው፦ የመጨረሻው ክብደት። ምስር ወጥ ውስጥ ከገባው 5.5 ሊትር ውሃ አንድ ሊትር ገደማ በእንፋሎት ይሄዳል። እሳቱ ከበዛ፣ ድስቱ ሰፊ ከሆነ፣ ክዳኑ ከተረሳ ከዚህም ብዙ ይሄዳል። ግብዓቱ በሙሉ በግራም ልክ ሆኖ ወጡ 7.5 ኪሎ ላይ ቢያልቅ ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ ይበላሻል። ይወፍራል። ጨው ይበዛበታል፣ ያው 75 ግራም ጨው አሁን የገባው ባነሰ ወጥ ውስጥ ነውና። 60 ይወጣ የነበረው ፖርሽንም 53 ይሆናል። የማታው ፈረቃ ወጥ ጨው ሲበዛበት ሁሉም ጨው የጨመረውን ሰው ይፈልጋል። ብዙ ጊዜ ግን ጨው የጨመረ የለም፣ ውሃ ነው የጠፋው።

ማረሚያው እንዲህ ነው። ባዶውን ድስት መዝኑና ክብደቱን እጀታው ላይ በማይጠፋ ነገር ጻፉበት። ድስቱ 3.6 ኪሎ ከሆነ፣ ምስር ወጡ ሲያልቅ ሚዛኑ 12 ኪሎ ማለት አለበት። ካርዱ ላይም «ከነድስቱ 12 ኪሎ» ብላችሁ በትልቁ ጻፉ። ሚዛኑ 12.6 ካለ ገና 600 ግራም ትርፍ ውሃ አለ፣ ክዳኑን ከፍታችሁ ይንተክተክ። 11.5 ካለ ግማሽ ሊትር የፈላ ውሃ ጨምራችሁ አማስሉና አንዴ ይፍላ። መከለሻው ከዚህ በኋላ ይገባል።

ገደቡ ክብደቱ ነው። አሥራ ሁለት ኪሎ የፈላ ወጥ ወደ ከፍተኛ ጠረጴዛ ማንሳት አደገኛ ነው። ሚዛኑ ከምድጃው ጎን ዝቅ ያለ ቦታ ይቀመጥ፣ ድስቱንም ሁለት ሰው ይያዘው። ከዚህ ለተለቀ ድስት ማንሳቱን ተዉት። አንድ ጊዜ ብቻ በጥንቃቄ ከለካችሁ በኋላ ማማሰያ እንጨቱን ድስቱ መሃል አቁማችሁ ወጡ የደረሰበትን ቦታ በቢላ ጭረት አድርጉበት። ከዚያ ወዲያ ጭረቱ ሚዛናችሁ ነው። ግን ለዚያ ድስት ብቻ፣ ድስት ከተቀየረ ጭረቱ ዋጋ የለውም።

ደቂቃን በተመለከተ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ዋሽንግተን ላይ ወደ 100 ይጠጋል። ስለዚህ ያው ምስር አዲስ አበባ ላይ ለመብሰል ይቆያል። ከአገር ቤት የመጣ ካርድ «40 ደቂቃ» ካለ ውጭ አገር ላለው ወጥ ቤት ይበዛ ይሆናል፣ ተቃራኒውም እንዲሁ። ደቂቃውን እንደ ግምት ጻፉት። ከጎኑ ግን የሚታይ ምልክት ይኑር፦ «ሽንኩርቱ ውሃው መጥጦ ወርቃማ ሲሆን፣ ከ2 ኪሎ ወደ 1 ኪሎ ገደማ ሲወርድ»፣ «በርበሬው ገብቶ ውሃ ጠብ እየተደረገ ሲቁላላ ዘይቱ ወደ ላይ ሲወጣ»፣ «ምስሩ በሁለት ጣት ሲጫኑት ሲፈርስ»።

በመጨረሻ ጭልፋው። ወጡ በትክክል 8.4 ኪሎ ወጥቶ እንኳ ሰሃን ላይ የሚያወጣው ሰው 165 ግራም ቢያደርግ 50 ሰሃን ላይ ያልቃል። በየሰሃኑ 25 ግራም፣ ማለትም ከሁለት የሾርባ ማንኪያ ያነሰ ነገር፣ ዘጠኝ አሥር ሰው ያሳጣል። ስለዚህ ካርዱ ግራሙን ብቻ ሳይሆን ዕቃውንም ይጥራ። የምትጠቀሙበትን ጭልፋ ሞልታችሁ አፉን ላጉትና ወጡን መዝኑ። 140 ግራም የሚይዘውን እስክታገኙ ሞክሩ፣ ከዚያ እጀታው ላይ ቀይ ቴፕ አስሩበት። ለበያይነቱ የሚወጣው ግማሽ፣ 70 ግራም ከሆነ ለእሱም ሌላ ቀለም። አሜሪካ ያላችሁ ቁጥር የተጻፈባቸውን የአይስክሬም ማንኪያ መሰል መስፈሪያዎች በቀላሉ ታገኛላችሁ። ቁጥሩ ከአንድ ኳርት፣ ማለትም ከ946 ሚሊ ሊትር፣ ስንት ጊዜ እንደሚወጣበት ነው። 8 ቁጥር 118 ሚሊ ሊትር ገደማ ይይዛል፣ 16 ቁጥር የዚያን ግማሽ። ቁጥሩ በጨመረ መጠን መስፈሪያው ያንሳል፣ አዲስ ሰው ይህን ይገለብጠዋልና አስረዱት።

ዶሮ ወጥ ከዚህ ወጣ ያለ ነው። እሱን በጠቅላላ ግራም ብትለኩት ለአንዱ ፈረሰኛ፣ ለሌላው ክንፍ ደርሶ ግራሙ ልክ ሊሆን ይችላል። ዶሮው 12 ቦታ የሚወጣ ስለሆነ ካርዱ ሁለት መስመር ይኑረው፦ ብልቱና እንቁላሉ በቁጥር፣ ስልሱ በግራም። የመጨረሻውን ክብደት የምትለኩትም ስልሱን ብቻ ነው።

## ሦስተኛው፦ በመቶኛ የተሠራ ካርድ

ይህ ከዳቦ ጋጋሪዎች የመጣ አሠራር ነው። እነሱ ዱቄቱን 100 ብለው ሌላውን ሁሉ ከዱቄቱ አንጻር ይጽፋሉ። ለእኛ ወጥ ምስሩን 100 እንበለው። ሽንኩርት 100 ይሆናል፣ ዘይት 25፣ በርበሬ 12.5፣ ነጭ ሽንኩርት 5፣ ዝንጅብል 2.5፣ ጨው 3.75፣ መከለሻ 0.5፣ ውሃ 275። የሚወጣው ወጥ 420 ነው። አንድ ኪሎ ምስር 4.2 ኪሎ ወጥ ይሰጣል ማለት ነው።

ጥቅሙ የሚታየው መጠን ሲቀያየር ነው። ነገ 35 ሰው ነው የምታበሉት እንበል። 35 በ140 ግራም 4.9 ኪሎ ነው። 4.9 ለ4.2 ሲካፈል 1.17 ኪሎ ምስር። ቀሪውን ከዚህ ማባዛት ነው። ሁለት አቅራቢ ወይም ሁለት በርበሬ ለማስተያየትም ጥሩ ነው፣ የቱ ቤት ስንት መቶኛ እንደሚጠቀም ወዲያው ይታያል።

ጉድለቱም ሁለት ነው። አንዱ ምድጃ ዳር አይነበብም። ሽንኩርት በዓይኗ እያየች የምታቁላላ ሰው 3.75 በመቶ ስንት ግራም እንደሆነ እንድታሰላ መጠየቅ ግፍ ነው። ሌላው ውሃው ነው። መቶኛው ሁሉንም እኩል ያበዛል፣ እንፋሎት ግን እኩል አይበዛም። ለ90 ሰው ስንሠራ ሁሉም በ1.5 ይባዛል። ውሃው 8.25 ሊትር ይሆናል። ነገር ግን ያው ስፋት ያለው ድስት፣ ለተቀራራቢ ጊዜ፣ የሚያተነው ያው አንድ ሊትር ገደማ ነው እንጂ አንድ ተኩል አይደለም። ወጡ ውስጥ የሚቀረው 4.5 ሊትር ብቻ በ1.5 ተባዝቶ 6.75 ይሆናል። በእንፋሎት የሚሄደው ሲታከልበት 7.8 ሊትር አካባቢ ይበቃል። በመቶኛው የሄደ ሰው ግማሽ ሊትር የሚጠጋ ትርፍ ውሃ ይዞ ወጡን ለማወፈር ሲታገል ይቆያል። የመጨረሻውን ክብደት፣ ያለድስቱ 12.6 ኪሎን፣ ካርዱ ላይ ከጻፋችሁ ግን ስሕተቱ ራሱ ይታያል።

ስለዚህ እኔ መቶኛውን ኮምፒውተር ላይ፣ ኤክሴል ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። ወጥ ቤት የሚገባው ከእሱ የታተመው የግራም ካርድ ነው፤ ለ35፣ ለ60 እና ለ90 ሰው ሦስት ቅጂ።

## አራተኛው፦ ቁሌቱን የነጠለ ባለ ሁለት ካርድ

እዚህ ሥራው ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው ካርድ የቁሌት ነው፦ ሽንኩርት፣ ዘይት፣ በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል። አንድ ልምድ ያለው ሰው ብዙ አድርጎ በአንዴ ይሠራዋል። ሁለተኛው ካርድ የማጠናቀቂያ ነው፦ «1.9 ኪሎ ቁሌት፣ 2 ኪሎ ምስር፣ ውሃ፣ ጨው፣ ከነድስቱ 12 ኪሎ እስኪሆን»። ይህን ትናንት የተቀጠረ ልጅም ይሠራዋል።

አንድ ወጥ ከሰው ሰው የሚለያየው በአብዛኛው ቁሌቱ ላይ ነው። ሽንኩርቱ ምን ያህል ቆየ፣ በርበሬው አረረ አላረረ የሚለው እጅና ትዕግሥት ይጠይቃል። ያንን ወደ አንድ ሰው ማምጣት ከማንኛውም ካርድ የበለጠ ጣዕሙን አንድ ያደርጋል። ሁለት ሦስት ቅርንጫፍ ላላቸው ቤቶች ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ዋጋው ግን አለ። ምስሩም ሽሮውም ከአንድ ቁሌት ሲወጡ በያይነቱ ላይ ሁሉም ወጥ ይመሳሰላል። እኔ ለሽሮው የተለየ፣ በርበሬው ያነሰ ቁሌት ቢኖር እመርጣለሁ። ለጾም የሚሆነው ቁሌት ደግሞ በዘይት ብቻ የተሠራ፣ ዕቃውም ማማሰያውም ቅቤ ያልነካው መሆን አለበት። ካርዶቹ በቀለም ይለያዩ።

ከሁሉ የሚያሰጋው ማቀዝቀዙ ነው። ለነገ የሚቀር ትልቅ ድስት ቁሌት በራሱ ጊዜ ይብረድ ተብሎ ከተተወ መሃሉ ለሰዓታት ለብ ብሎ ይቆያል፣ ተሕዋስያን የሚወዱት ይህንን ነው። የአሜሪካ የምግብ ደንብ የበሰለ ምግብ በሁለት ሰዓት ውስጥ ከ57 ዲግሪ ወደ 21፣ ከዚያ በቀሪው አራት ሰዓት ወደ 5 ዲግሪ እንዲወርድ ያዛል። ይህን ለማድረግ ጥልቀት የሌላቸው ሰፋፊ ትሪዎች፣ ቴርሞሜትርና የማይጠፋ ፍሪጅ ያስፈልጋሉ። መብራት የሚያስቸግራችሁ ከሆነ ቁሌቱን ለዚያው ቀን ብቻ ሥሩ፣ ሳያድር ይለቅ።

## ወረቀት ወይስ ስልክ?

በአጭሩ፣ ምድጃ ዳር ላሚኔት የተደረገ ወረቀት ይሻላል። በዘይት እጅ ስልክ አይነካም። የኤክሴሉ ፋይል ግን ዋናው ይሁን፣ ወረቀቱ ቅጂ። እያንዳንዱ ወረቀት ላይ የታተመበት ቀን ይጻፍ፤ አዲሱ ሲለጠፍ አሮጌው ይቀደድ። ሁለት ካርድ ግድግዳው ላይ ጎን ለጎን ከተገኘ ያው መለያየት ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

## ጎን ለጎን ሲታዩ

| | በኩባያና ማንኪያ | በግራም | በመቶኛ | ባለ ሁለት ካርድ |
|---|---|---|---|---|
| ከሰው ሰው አንድ መሆን | ደካማ፣ ቅመሙ ከተቋጠረ መካከለኛ | ጥሩ፣ የመጨረሻ ክብደት ካለ | እንደ ግራሙ | ከሁሉ የተሻለ |
| የሰሃን ቁጥር እርግጠኝነት | የለም ማለት ይቻላል | ከፍተኛ | ከፍተኛ | ከፍተኛ |
| ምድጃ ዳር መነበብ | በጣም ቀላል | ቀላል | ከባድ | ቀላል |
| መጠን ሲቀየር | ያስቸግራል | ሂሳብ ይፈልጋል | ቀላል፣ ከውሃው በቀር | ቀላል |
| የሚያስፈልገው | ቋሚ መስፈሪያ | ሁለት ሚዛን፣ የታወቀ ጭልፋ | ሚዛንና ኮምፒውተር | ሚዛን፣ ቴርሞሜትር፣ ትሪ፣ ፍሪጅ |
| ዋና ስጋት | በርበሬና ጨው | ሳይመዝኑ መዝኛለሁ ማለት | ትርፍ ውሃ | ማቀዝቀዝ |

## ለማን የቱ?

ትንሽ ቤት፣ ሁለት ወጥ ሠሪ፣ ብዙም ገንዘብ የሌለው። የኩባያውን ካርድ ያዙ፣ ግን በርበሬና ጨውን በሳምንት አንዴ እየመዘናችሁ ቋጥሩ። ማማሰያው ላይ ጭረት አድርጉ፣ አንድ ጭልፋ ምረጡና ሌሎቹን ከዚያ ወጥ አጠገብ አርቁ። አንድ ትንሽ ሚዛን ይበቃችኋል፣ እሱም ወጥ ቤት ውስጥ መዋል የለበትም።

ሦስትና ከዚያ በላይ ሰው በፈረቃ የሚሠራበት፣ ሜኑው ብዙ የማይለዋወጥ ቤት። የግራም ካርድ ያስፈልጋችኋል። ሁለት ሚዛን ግዙ፣ አንዱ በአንድ ግራም የሚያነብ ለቅመም፣ ሌላው ቢያንስ 30 ኪሎ የሚችል ለድስት። አንዱን ሚዛን ለሁለቱም ልጠቀም ካላችሁ 10 ግራም መከለሻ በትልቁ ሚዛን ላይ አይታይም። ሁሉንም ወጥ በአንዴ አትጻፉ። በብዛት ከሚሸጡት ሦስቱ ጀምሩ፣ እነሱ ሲጸኑ ወደ ሌላው ሂዱ። በርበሬ አቅራቢ በቀየራችሁ ቁጥር ግማሽ ድስት ሠርታችሁ ቅመሱ፤ ካስፈለገ የበርበሬውን መስመር አስተካክላችሁ ካርዱን በአዲስ ቀን አትሙት።

ድግስና ኬተሪንግ የሚሠራ። ዛሬ 35፣ ቅዳሜ 400 ለሚያበላ ሰው መቶኛው ከኋላ ካልኖረ ሂሳቡ ያሰክራል። ለእያንዳንዱ ድግስ የግራም ካርድ አትማችሁ ስጡ። ውሃውን በእጃችሁ አርሙ፣ የመጨረሻውን ክብደት ደግሞ በየድስቱ ጻፉ። ለ400 ሰው አንድ ግዙፍ ድስት ከምትጥዱ የለመዳችሁትን የ60ውን ድስት መጠን ሰባት ጊዜ ብታደርጉ ወጡ ይበልጥ ያው ይሆናል።

ቅርንጫፍ ያለው ወይም ልምድ ያላቸው ሰዎች እጥረት ያለበት። ውጭ አገር ያሉ ብዙ የሀበሻ ምግብ ቤቶች እዚህ ላይ ይወድቃሉ፤ ቁሌት የምትችለው አንዲት ሴት ናት፣ ሌሎቹ ተማሪዎች ናቸው። ባለ ሁለት ካርዱ ለእናንተ ነው። ፍሪጁና ቴርሞሜትሩ ግን ከካርዱ በፊት ይገዙ። የቁሌቱን ካርድ በምትጽፉበት ጊዜም ያቺ ሴት ታማ ብትቀር ማን እንደሚተካት ከወዲሁ ወስኑና ያንን ሰው በወር ሁለት ጊዜ ቁሌቱን ራሱ እንዲሠራ አድርጉ። የእሱም ቁሌት ከነድስቱ ያው ኪሎ ላይ ማለቅ አለበት።